«የለኝም» ብልም «አለኝ» ብልም እሷ ልክ ነች፦ ስለ አእምሮ መከላከያዎችና ስለሚፈተኑበት መንገድ

ጥያቄ፦ «ለሦስት ወር ያህል ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ እየሄድኩ ነው። ባለፈው ሳምንት በአባቴ ላይ የታመቀ ቁጣ እንዳለኝ ነገረችኝ። እኔ አባቴን እወደዋለሁ፤ ተናድጄበት የማውቅ አይመስለኝም። ይህን ስነግራት ‹እሱ ራሱ ዲፌንስ መካኒዝም ነው› አለችኝ። እሺ ብል ልክ ነች፤ እምቢ ብልም ልክ ነች። ይሄ እንዴት ሳይንስ ይሆናል? በጥናት ተረጋግጧል ወይ?»

መልስ፦

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። እንዲያውም እርስዎ የጠየቁትን ጥያቄ ትልልቅ ፈላስፎች ጠይቀውታል፤ ፍሮይድ ራሱም ሊመልሰው ሞክሯል። የእኔን አቋም አስቀድሜ ልንገርዎ። ዲፌንስ መካኒዝም የሚባሉት የአእምሮ መከላከያዎች ሐሳብ በከፊል ሊፈተን ይችላል፣ በከፊልም ተፈትኗል። እርስዎ በነገሩኝ አኳኋን ሲቀርብ ግን ሊፈተን አይችልም። ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለማሳየት ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከራሴ ልጀምር። በተለማማጅነቴ ጊዜ አንድ ሰው በታናሽ ወንድሙ እንደሚቀና እርግጠኛ ሆኜ ነበር። ነገርኩት። «አልቀናበትም» አለኝ። እኔም «ይህን ያህል አጥብቀው መካድዎ ራሱ ምን ይነግረናል?» አልኩት። ሰውየው ዝም አለ። ዝምታውን ማስታወሻዬ ላይ «መከላከያው እየላላ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሳይመጣ ቀረ። እሱንም «መከላከያው በረታ» ብዬ ጻፍኩ። ወራት ካለፉ በኋላ ያንን ማስታወሻ አሠልጣኜ ፊት ሳነበው እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ይህ ሰው ምን ቢያደርግ ነበር ተሳስቻለሁ የምትለው?» መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ከደንበኛ ጋር ስቀመጥ ያ ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም።

አሁን ወደ ነገሩ። የሳይኮአናሊሲስ መሥራች ዚግመንድ ፍሮይድ «መከላከያ» የሚለውን ቃል በዚህ ትርጉም የተጠቀመው በ1894 ነው። አእምሮ ሊሸከመው ያልቻለውን ሐሳብ ወይም ስሜት ከራሱ ያርቃል ነው ሐሳቡ። ልጁ አና ፍሮይድ በ1936 ባሳተመችው መጽሐፍ መከላከያዎቹን በየስማቸው ለይታ አስቀመጠቻቸው። ብዙ ዓይነት አሉ፤ ሁሉንም መዘርዘር እዚህ አይጠቅመንም። እርስዎን የሚመለከተው የሁሉም እናት የሚባለው ነው፤ ሪፕሬሽን ይሉታል፣ እኔ «አፈና» እለዋለሁ። ሰው እያወቀ «አሁን ስለዚህ ማሰብ አልፈልግም» ብሎ ነገሩን ቢተወው አፈና አይባልም። አፈና የሚባለው ሰውየው መተዉን እንኳ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

«በአባትዎ ላይ የታመቀ ቁጣ አለዎት» የሚለው አንድ አባባል ይመስላል እንጂ ውስጡ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ቁጣው አለ። ሁለተኛ፣ እርስዎ አያውቁትም። ሦስተኛ፣ የማያውቁት ማወቁ ስለሚያሳምምዎ ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው ማስረጃ ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ሰዎች ለአንደኛው ማስረጃ ያገኙና ሦስቱንም ያረጋገጡ ይመስላቸዋል። በተለይ ሦስተኛው፣ ማለትም «ስለሚያሳምም ነው» የሚለው፣ የሐሳቡ ልብ ነው፤ ለማረጋገጥ በጣም አስቸጋሪውም እሱ ነው። እነዚህን ሦስቱን ይያዙልኝ፤ እየተመለስንባቸው እንሄዳለን።

ትችቱን ከሁሉ በላይ ያጎላው ፈላስፋው ካርል ፖፐር ነው። ፖፐር በወጣትነቱ ቪየና ውስጥ የሥነ ልቦና ሊቁን አልፍሬድ አድለርን በቅርብ ያውቀው ነበር። አድለር ከፍሮይድ ተለይቶ የራሱን ትምህርት የመሠረተ ሰው ነው። በ1919 ፖፐር የአንድ ሕፃን ጉዳይ ይነግረዋል። ለፖፐር ጉዳዩ ከአድለር ሐሳብ ጋር የሚሄድ አይመስልም ነበር። አድለር ግን ልጁን ሳያየው ወዲያው በራሱ ሐሳብ ተነተነው። ፖፐር ደንገጥ ብሎ «እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?» ሲለው «ከሺህ ጊዜ ልምዴ» አለው። ፖፐርም «አሁን ደግሞ ልምድህ ሺህ አንድ ሆነ ማለት ነው» አለው። ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ቁም ነገሩ ከባድ ነው። የቀደሙት ሺህ ጉዳዮች እንደዚህኛው አስቀድሞ በተያዘ ሐሳብ ብቻ የተነበቡ ከሆኑ፣ ቁጥራቸው መብዛቱ ምንም አይጨምርም።

በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ፖፐር አንድ ምሳሌ ይሰጣል። አንድ ሰው ሕፃን ሊያሰጥም ውሃ ውስጥ ይገፈትራል። ሌላ ሰው ያንን ሕፃን ለማዳን ሕይወቱን ይሰጣል። በፍሮይድ ሐሳብ የመጀመሪያው ሰው አፈና ደርሶበታል፤ ሁለተኛው ደግሞ የታፈነውን ኃይል ወደ በጎ ሥራ ለውጦታል፣ እሱም ሰብሊሜሽን ይባላል። ሁለቱም ተቃራኒ ድርጊቶች በአንድ ትምህርት ተብራሩ። ፖፐር የሚለው፣ ሁሉንም የሚያብራራ ሐሳብ ምንም አይከለክልም፤ ምንም የማይከለክል ሐሳብ ደግሞ ስለ ዓለም የሚነግረን የለም ነው።

ይህን ወደ እርስዎ ጉዳይ ላምጣው። አባትዎን በየሳምንቱ ይጠይቃሉ እንበል። ያኔ «ቁጣውን በተቃራኒው ፍቅር ሸፍነውታል» ይባላል። ይህ ሪአክሽን ፎርሜሽን የሚባለው መከላከያ ነው። አይጠይቋቸውም እንበል። «ከቁጣው እየሸሹ ነው» ይባላል። አለቃዎ ላይ ይጮኻሉ እንበል። «ቁጣውን ወደ ሌላ ሰው አዙረውታል።» ማንም ላይ አይጮኹም፣ ረጋ ያሉ ሰው ነዎት እንበል። «ስሜቱን ከሐሳቡ ነጥለው አስቀምጠውታል።» ልብ ይበሉ፤ እያንዳንዱ መከላከያ ለብቻው ሲታይ ትርጉም አለው። በእርግጥም ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉ አይተናል። ችግሩ የሚመጣው ከሁሉም መሃል የሚስማማው መከላከያ ድርጊቱ ከታየ በኋላ ሲመረጥ ነው። የትኛው ሰው፣ በየትኛው ሁኔታ፣ የትኛውን መከላከያ እንደሚጠቀም አስቀድሞ ካልተነገረ መሳሳት አይቻልም።

ለፍሮይድ ፍትሐዊ ልሁን። ይህን ትችት ሰምቶታል። በ1937 በጻፈው አንድ ጽሑፍ ልክ የእርስዎን ቅሬታ ያነሳል፦ ታካሚው እሺ ካለ ተንታኙ ልክ ነው፣ እምቢ ካለም መከላከያ ነው፣ ስለዚህ ተንታኙ ሁልጊዜ አሸናፊ ነው የሚሉ አሉ ይላል። የሰጠው መልስ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይሻላል። «እምቢታው ብቻውን አይበቃንም፤ እሺታውም ግን አይበቃንም» ነው ያለው። እሺ የሚል ታካሚ ነገሩን ለመገላገል ብቻ እሺ ሊል ይችላል። የሚታመነው በተዘዋዋሪ የሚመጣው ነው። ትርጓሜው ከተነገረው በኋላ ታካሚው ራሱ ያልጠበቀው አዲስ ትዝታ ወይም ሕልም ይዞ ከመጣ፣ ያም የጎደለውን ከሞላ፣ ያኔ ትርጓሜው ቁም ነገር አለው ማለት ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎ «እምቢታዎ ራሱ ማስረጃ ነው» ብላ ከሆነ፣ ፍሮይድ ራሱ ካስቀመጠው ገደብ አልፋ ሄዳለች።

ግን የፍሮይድም መልስ ቀዳዳ አለው። በደንብ ያሳየው አዶልፍ ግሩንባውም የተባለ ፈላስፋ ነው፤ መጽሐፉ በ1984 ወጣ። ግሩንባውም ከፖፐር ጋር አይስማማም። የፍሮይድ ሐሳቦች ሊፈተኑ ይችላሉ ባይ ነው። የእሱ ጥርጣሬ ማስረጃው የተሰበሰበበት ቦታ ላይ ነው። ታካሚው በየሳምንቱ የሚያከብረው ሰው ፊት ይቀመጣል። ባለሙያዋ ስለ አባት ሲነሳ ጠጋ ትላለች፣ ማስታወሻ ትይዛለች፣ «እስቲ ስለሱ ይበልጥ ይንገሩኝ» ትላለች። ስለ ሥራ ሲነሳ ዝም ትላለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ታካሚው ስለ አባቱ ብዙ ትዝታ ይዞ ቢመጣ ምን ይደንቃል? ሕልሙም አባቱን ቢያሳየው አይገርምም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስበው የዋለውን ነው ያየው። ማንም አልዋሸም። ባለሙያዋም ሆን ብላ አልገፋፋችም። ነገር ግን ያ «አዲስ ትዝታ» ትርጓሜውን የሚመሰክር ነጻ ምስክር መሆኑ ቀርቷል። ምስክሩ ከዳኛዋ ጋር አብሮ ሲመክር ከርሟል።

እንግዲህ ከክፍሉ መውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው። ተመራማሪዎችም ወጥተዋል።

ከቀዳሚዎቹ አንዱ አሜሪካዊው ሶል ሮዘንዝዋይግ ነው። ከሙከራዎቹ አንዱን በቅርብ እንየው። ተማሪዎች የተቆራረጡ ሥዕሎችን እንዲገጣጥሙ ይሰጣቸዋል። ግማሹን እንዲጨርሱ ይተዋቸዋል፤ ግማሹን ሳይጨርሱ ያስቆማቸዋል። በኋላ «የትኞቹን ሥዕሎች ታስታውሳላችሁ?» ይላቸዋል። ለአንደኛው ቡድን «እኔ የማጠናው ሥዕሎቹን ነው፣ ዘና በሉ» ብሏል። ለሌላው ቡድን «ይህ የአእምሮ ብቃት ፈተና ነው» ብሏል። ዘና ያሉት ያልጨረሷቸውን የበለጠ አስታወሱ። ያልተቋጨ ነገር ከአእምሮ አይወጣምና ይህ የሚጠበቅ ነበር። ፈተና የመሰላቸው ግን የጨረሷቸውን የበለጠ አስታወሱ። ለእነሱ ያልጨረሱት ሥዕል ውድቀት ነው። ሮዘንዝዋይግ ይህን የአፈና ምልክት አድርጎ አየው፦ የሚያሳምመው ተረሳ።

ሮዘንዝዋይግ ስለ አፈና የሠራቸውን የቀደሙ ሙከራዎች በ1934 ለፍሮይድ በደብዳቤ ልኮለት ነበር። ፍሮይድ መለሰለት። ፍላጎት አድሮበት እንዳነበበ ገለጸ፤ ነገር ግን በዚህ ዓይነት ማረጋገጫ ብዙም አልተደነቀም። ትምህርቱ የቆመባቸው አስተማማኝ ምልከታዎች ብዛት ከሙከራ ማረጋገጫ ነጻ ያደርገዋል ብሎ አሰበ። «ሆኖም አይጎዳም» ሲል ጨመረ። ይህ መልስ እኔን ያሳዝነኛል። በር ተንኳኩቶ ነበር፤ እሱ ግን አልከፈተውም። የአድለር «ሺህ ጊዜ ልምድ» በሌላ ቃል መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ሦስቱ አባባሎች እንመለስ። የሮዘንዝዋይግ ሙከራ ሦስተኛውን ያረጋግጣል ወይ? የሚያሳምም ነገር ተረስቷል፣ እሺ። ግን ስለሚያሳምም ነው የተረሳው? ይህን ጥያቄ በጥልቀት የያዘው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ሆምስ ነው። ሆምስ ቀለል ያለ አማራጭ አቀረበ። ሰው መጥፎ ዜና ሲሰማ ሐሳቡ ይበታተናል። ስለ ራሱ ማሰብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ለማስታወስ ትኩረት ያጥረዋል። ማንም ምንም አላፈነም፤ ጭንቅላቱ ተጨናነቀ ብቻ።

ሁለቱን ለመለየት በ1972 ያወጣው ሙከራ በጣም ያምራል። ሰዎች ቃላት ይማራሉ። ከዚያ ቃላቱን ተጠቅመው የስብዕና ፈተና ይወስዳሉ፤ ውጤቱ ግን የተፈበረከ ነው። ለአንዱ ቡድን አስደንጋጭ ውጤት ይነገረዋል። ለሌላው ቡድን በጣም የሚያስደስት ውጤት። ለሦስተኛው ለበጎም ለክፉም የማይሆን ተራ ውጤት። በኋላ ቃላቱን አስታውሱ ይባላሉ። አፈና ልክ ከሆነ፣ መርሳት ያለበት የደነገጠው ቡድን ብቻ ነው። ማንም ደስ የሚለውን ነገር አያፍንምና። የሆነው ግን ሌላ ነው። የደነገጡትም የተደሰቱትም ከሦስተኛው ቡድን ያነሰ አስታወሱ። መልካም ዜናም ያስረሳል። እንግዲህ ያስረሳው ሕመሙ አይደለም፤ ስለ ራስ የመጣው ወሬ ሐሳብን መስረቁ ነው።

የዚህ ሙከራ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። የተደሰተው ቡድን ባይኖር ኖሮ ውጤቱ አፈናን ያረጋገጠ ይመስል ነበር። አንድ ተጨማሪ ቡድን ሁሉንም ገለበጠው። ስለ መከላከያ የሚነገር ጥናት ባነበቡ ቁጥር «የተደሰተው ቡድን የታለ?» ብለው ይጠይቁ። ሆምስ በ1990 የስድሳ ዓመት ጥናቶችን ገምግሞ፣ ቁጥጥር በተደረገበት የላቦራቶሪ ሙከራ የተደገፈ አፈና አላገኘሁም አለ። ቃሉ ጥቅም ላይ ሲውል ማስጠንቀቂያ ሊለጠፍበት እንደሚገባ እስከ መጻፍ ደርሷል።

የሥራ ባልደረቦቼ ለዚህ የሚሰጡት መልስ አለ፤ እኔም ክብደት እሰጠዋለሁ። «የቃላት ዝርዝርና የውሸት ውጤት ሰውን የሚያሳፍነው ነገር አይደለም። አፈና የሚመጣው ሕፃን የሚመካበትን ወላጅ ሲጠላ ነው። ያንን ላቦራቶሪ ውስጥ መፍጠር አይቻልም፣ ቢቻልም ነውር ነው።» እውነት ነው። በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም አይፈቅድም። ግን ይህ መልስ ሁለት ፊት አለው። የላቦራቶሪውን «አላገኘንም» ያዳክማል፤ «አለ» ለማለት ግን ምንም አይጨምርም። ሙከራው ከሐሳቡ ጋር ሲስማማ ተቀብሎ ሳይስማማ ሲቀር «ላቦራቶሪ አይመጥነውም» ማለት ደግሞ ፖፐር የወቀሰውን ስህተት መድገም ነው።

እስካሁን ያፈረስኩ ብቻ ይመስላል። አሁን ደግሞ የቆመውን ላሳይዎ፤ በግሌ በጣም የምወደው ጥናት ነውና።

በ1979 ዳንኤል ዋይንበርገርና ሁለት ባልደረቦቹ አንድ የቆየ ችግር ተመለከቱ። «ብዙም አልጨነቅም» የሚሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ናቸው ወይ? ሁለት መጠይቅ ሰጡ። አንዱ ጭንቀትን ይለካል። ሌላው ሰውየው ራሱን ምን ያህል እንከን የለሽ አድርጎ እንደሚያቀርብ ይለካል፤ «ማንንም ሰው አምርሬ ጠልቼ አላውቅም» ዓይነት አባባሎች አሉበት። ሰው ሆኖ ለዚህ ዓይነት ነገር በተደጋጋሚ «አዎ» የሚል ራሱን በጥንቃቄ የሚጠብቅ ሰው ነው። እንግዲህ ጭንቀት የለብኝም ያሉት ለሁለት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ጭንቀት የለብንም ብለው እንከናቸውን ግን ይቀበላሉ፤ እነዚህ በእርግጥ የረጉ ናቸው ተባለ። ሌሎቹ ጭንቀትም የለብንም፣ እንከንም የለብንም ይላሉ፤ እነዚህ ሪፕሬሰር ተባሉ። ሦስተኛ ቡድን ደግሞ እጨነቃለሁ የሚሉት።

ከዚያ የተጀመሩ አባባሎችን እንዲጨርሱ ተደረገ። አንዳንዱ ተራ ነው፤ አንዳንዱ ስለ ጠብ ወይም ስለ ወሲብ ነው። በዚያው ጊዜ የልብ ምታቸው፣ የእጃቸው ላብና የግንባራቸው ጡንቻ መወጠር ይለካል። የረጉት ሰውነታቸውም የረጋ ነበር። ሪፕሬሰሮቹ «አልተጨነቅኩም» ቢሉም ሰውነታቸው ከረጉት በላይ ተወጥሮ ተገኘ፤ በአንዳንዱ መለኪያ እጨነቃለሁ ከሚሉት ጋር እኩል ወይም ከእነሱም የባሰ።

ይህ ለምን እንደሚለይ ልንገርዎ። ማን ሪፕሬሰር እንደሆነ የተወሰነው በወረቀት ነው፣ ልባቸው ከመለካቱ በፊት። ማስረጃው የመጣው በሌላ በር ነው፣ ከሰውነት። ውጤቱም በሌላ መልክ ሊወጣ ይችል ነበር። የሪፕሬሰሮቹ ልብ ረግቶ ቢገኝ ኖሮ «በቃ፣ እነዚህ ሰዎች በእርግጥ አይጨነቁም» ተብሎ ሐሳቡ ይወድቅ ነበር። ሐሳቡ የሚወድቅበት በር ክፍት ነበረ፤ አልወደቀም። አሠልጣኜ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልስ ያለው ጥናት ይህ ነው።

ግን አንድ ተቃውሞ ይቀራል። ሰዎቹ ራሳቸውን ነው የሚያታልሉት ወይስ ተመራማሪውን? ጭንቀታቸውን እያወቁት ለማሳመር ብቻ ደብቀውት ከሆነ፣ ይህ መከላከያ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሁለተኛው አባባል፣ «አያውቁትም» የሚለው፣ ወደቀ ማለት ነው። በ1999 ደራክሻንና አይዘንክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት አንድ ዘዴ ተጠቀሙ። ተሳታፊዎቹን ውሸት ከሚለይ መሣሪያ ጋር እንደተያያዙ እንዲያምኑ ማድረግ። እንዲህ ሲሆን እያወቀ የሚደብቅ ሰው መልሱን ይቀይራል፤ መያዙ አይቀርማ። ሪፕሬሰሮቹ ግን ያኔም ጭንቀት የለብንም አሉ። ራሳቸውም ያምኑበታል ማለት ነው።

እስቲ አሁን እንቁጠር። አንደኛው፣ ስሜቱ አለ፤ ለእነዚህ ሰዎች በሰውነታቸው ታይቷል። ሁለተኛው፣ አያውቁትም፤ ጥሩ ድጋፍ አግኝቷል። ሦስተኛው፣ ስለሚያሳምም ከንቃት ተባሮ ነው የሚለው፣ አሁንም አልተነካም። ሰዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሰውነታቸው ምልክት ትኩረት የመስጠት ልማድ የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የልብ መምታትን «ጭንቀት» ብሎ መሰየም አልለመዱ ይሆናል። ያ ያለመሰየም ልማድ ደግሞ ከሕመም ለመሸሽ የመጣ ሊሆንም፣ ላይሆንም ይችላል። ጥናቱም ስለ አንድ የተለየ ትዝታ፣ ስለ አንድ አባት፣ ስለ አንድ የልጅነት ቀን የነገረን ነገር የለም።

ስለ ሌሎቹ መለኪያዎች በአጭሩ ልለፍ። መከላከያን በመጠይቅ የሚለኩ አሉ። ሰው ሳያውቀው ያደርገዋል የተባለውን ነገር «ይህን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያስኬድ እርስዎው ይፍረዱ። የተሻለው መንገድ የሰውየውን ታሪክ ስለ እሱ ምንም ለማያውቁ ሰዎች ሰጥቶ፣ ለየብቻ እንዲመዝኑት ማድረግ ነው። ጆርጅ ቫይላንት ተመራማሪዎች ከ1938 ጀምሮ የተከታተሏቸውን የሃርቫርድ ተማሪዎች ታሪክ በዚህ መንገድ አስመዝኗል፤ «የበሰለ» መከላከያ ያላቸው ኑሯቸው የተሻለ ሆኖ ታየ። ጠቃሚ ሥራ ነው። ግን ከባድ ነገር ደርሶበት እየቀለደ ያለፈን ሰው «የበሰለ» ካልን በኋላ ይህ ሰው ጤነኛ ነው ስንል፣ ምን ያህሉ ግኝት እንደሆነ ምን ያህሉ ደግሞ ከትርጉሙ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበርም በ1994ቱ መመሪያው መከላከያዎችን የሚመዝን ልኬት ተጨማሪ ጥናት ከሚሹት ጋር በአባሪው አስገብቶ ነበር፤ በ2013ቱ እትም ግን የለም።

ወደ እርስዎና ወደ ባለሙያዎ ልመለስ። ሕክምናውን ያቁሙ አልልም። ባለሙያዋ ያየችው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሦስት ወር አብራችሁ ተቀምጣችኋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን እንዲህ ብለው ይጠይቋት፦ «የታመቀ ቁጣ ከሌለኝ ምን ያዩ ነበር?» ይህ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ይህን ጥያቄ በደስታ ትቀበላለች። «ለምን እንዲህ እንደጠየቁ እናውራ» ብላ ብቻ ካለፈችው ደግሞ፣ እሱንም ልብ ይበሉ።

መልስ ካገኙ ወረቀት ላይ ይዋል። እኔ ከደንበኞቼ ጋር የማደርገውን ላሳይዎ። እንበል እሷ «ቁጣ ካለ አባትዎ ሲደውሉ ሰውነትዎ ይናገራል» አለች። እንግዲያው ለአራት ሳምንት ስልክ በተደወለ ቁጥር ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ማን ደወለ፣ ከማንሳትዎ በፊት ምን ያህል አመነቱ፣ የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍዎ እንዴት ነበር። የአባትዎ ስልክ ብቻ አይመዝገብ። የእናትዎም፣ የጓደኛዎም፣ የአለቃዎም ይመዝገብ። ይህ ማለት የሆምስን ተጨማሪ ቡድን በእርስዎ ኑሮ ውስጥ ማስገባት ነው። ሁሉንም ስልክ ለማንሳት የሚያመነቱ ከሆነ ነገሩ ስለ ስልክ እንጂ ስለ አባትዎ አይደለም። ባለሙያዋም ከመጀመሩ በፊት ምን እንደምትጠብቅ ከነቀኑ ጽፋ ትፈርም። በመሃል ስለ መዝገቡ አትነጋገሩ፤ አለበለዚያ ግሩንባውም የፈራው ይመጣል።

በአራተኛው ሳምንት ልዩነት ካልታየ፣ ትርጓሜው ቢያንስ በዚህ መልኩ ወድቋል፤ «መከላከያው እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ነው» ተብሎ እንዲነሳ አይፍቀዱ። ልዩነት ከታየ ደግሞ በአባትዎ ስልክ ላይ አንድ የማያውቁት ስሜት እንዳለ አወቁ። ስሜቱ ቁጣ መሆኑን ግን ገና አላወቁም። ፍርሃትም እንዲሁ ያስመነታል። እሳቸውን የማስቀየም ስጋትም፣ የድሮ ናፍቆትም እንቅልፍ ይነሳል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከባለሙያዋ ጋር ሌላ አራት ሳምንት፣ ሌላ ወረቀትም ያስፈልጋችኋል።